ምግቡ ነው ወይስ አቧራው? የውሻዬ ማሳከክ የተፈታበት ቅደም ተከተል

ዳማ የሚባል ክልስ ውሻ አለኝ። 26 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ከቀለሙ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ጣቶች መሃል ይልስ ነበር። ከዚያ ጆሮው ቀላ፣ ብብቱና ሆዱ ላይ ፀጉሩ ሳሳ። በምራቁ ብዛት የእግሩ ፀጉር ወደ ቡናማ ተለወጠ። ሌሊት ሲያክ አልጋችን ይነቃነቃል።

ይህን የምጽፈው ብዙ የአበሻ ውሻ አሳዳጊዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ስለማይ ነው። «አለርጂ ነው ተባለ፣ መርፌ ተወጋ፣ ተሻለው፣ ከዚያ ተመለሰበት፤ ምግብ ልቀይርለት ወይስ ምርመራ ላድርግለት?» ይላሉ። ጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። የምግብ ሙከራ ምርመራ ነው፤ «ያሳከከው ምግብ ነው ወይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። የአካባቢ አለርጂ ምርመራ ደግሞ ለሕክምና የሚሆን ነገር ለመምረጥ የሚደረግ ነው። የማሳከክ መድኃኒት ሁለቱንም አይመልስም፤ እንስሳውን ያሳርፈዋል እንጂ። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ገንዘብም ጊዜም ይበላሉ።

የእኛም ነገር የጀመረው ተቀላቅሎ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ደም ቀድቶ ላከና ረጅም ዝርዝር ሰጠን። ዶሮ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ የአቧራ ተባይ፣ ሣር፣ ዳክዬ፣ የአጋዘን ሥጋ፣ ሁሉም በቀይ ተጽፏል። ዳማ የአጋዘን ሥጋ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። በኋላ የቆዳ ስፔሻሊስቷ ዝርዝሩን አይታ የምግቡን ክፍል ወደ ጎን አደረገችው። በደም፣ በምራቅ ወይም በፀጉር የሚደረግ የምግብ አለርጂ ምርመራ ጤነኛ ውሻንም «አለርጂ አለበት» ሊል ይችላል፤ አለርጂ ያለበትንም ሊያልፈው ይችላል። ለምግብ አለርጂ እስካሁን አስተማማኝ የሆነው መንገድ አንድ ነው፤ ምግቡን ሙሉ በሙሉ ቀይሮ ማየት፣ ከዚያ የድሮውን መልሶ ሰጥቶ ማየት።

ግን እሷም ቢሆን በምግብ አልጀመረችም። መጀመሪያ ተባይና ኢንፌክሽን። ቁንጫ ባይታይም የቁንጫ መድኃኒት ታዘዘ፤ አንዳንድ ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ይበቃዋል፣ ቁንጫውንም ልሶ ስለሚውጠው አይገኝም። ከቁንጫ የሚመጣው ማሳከክ በአብዛኛው ወገቡና የጅራቱ ሥር ላይ ይበረታል፤ የዳማ ግን እግርና ጆሮ ላይ ነበር። መድኃኒቱ የእከክ ተባዮችንም ስለሚገድል በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሆነልን። ከዚያ ግልጽ ፕላስተር በቆዳው ላይ ለጥፋ አነሳች፣ ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ አየችው። ባክቴሪያም እርሾ መሰል ፈንገስም ነበር። እነዚህ ራሳቸው ያሳክካሉ። በክሎርሄክሲዲን ሻምፑ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አረፋው 10 ደቂቃ ሳይታጠብ እየቆየ፣ አጠብነው። ለጆሮው ጠብታ ተሰጠ።

በዚሁ ቀን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ነገር አሳየችኝ። የማሳከክ ነጥብ ይባላል። ከ0 እስከ 10 ነው። 0 ማለት ጤነኛ ውሻ እንደሚያክ ያህል ብቻ ነው፤ 10 ማለት ሲበላም፣ ሲጫወትም፣ ሲተኛም አያቆምም። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ባለቤቴና እኔ ሳንነጋገር ለየብቻ እንጽፋለን፣ ከዚያ እናስተያያለን። ዳማ ሲጀምር 8 ነበር። ኢንፌክሽኑ ሲታከም ወደ 6 ወረደ። ይህ ሳይደረግ ምግብ ቢቀየር ኖሮ ያቺን መሻሻል ለምግቡ እንሰጣት ነበር።

ከዚያ የምግብ ሙከራው መጣ። ለምን ከአቧራው በፊት? አንደኛ፣ ዳማን የሚያሳክከው ክረምት ከበጋ ነው፤ ወቅት ብቻ ጠብቆ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ምግብን መጠርጠር ባላስፈለገ ነበር። ሁለተኛ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጸዳዳ ነበር፣ ሰገራውም ላላ ያለ ነው። እኔ ጤነኛ መስሎኝ አንስቼም አላውቅም፤ እሷ ናት የጠየቀችኝ። ሦስተኛው ምክንያት ግን ዋናው ነው። የምግብ አለርጂ ያለበት ውሻና የአካባቢ አለርጂ ያለበት ውሻ በዓይን አይለዩም። ሁለቱም እግር ይልሳሉ፣ ሁለቱም ጆሮ ያማቸዋል። አካባቢ ነው ለማለት ምግብ አለመሆኑን ማወቅ ይቀድማል።

ምግቡን ስትመርጥ የሰጠችን ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ደረቅ ምግብ ነው። ሃይድሮላይዝድ ይሉታል። ሰውነት የሚቆጣው የፕሮቲኑን ትልቅ ቁራጭ ሲያውቀው ነው፤ በጣም ሲደቅ አያውቀውም። ሁሌም ይሠራል ማለት አይደለም። ዶሮን የማይችል ውሻ ከተሰባበረ የዶሮ ፕሮቲን በተሠራው ላይም ሊቆጣ ስለሚችል፣ ለዳማ ከአኩሪ አተር የተዘጋጀውን መረጠችለት። ዶሮ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቷል፤ «የበሬ ሥጋ» ተብሎ የተጻፈበት ከረጢት እንኳ ጀርባው ሲነበብ የዶሮ ስብ ወይም የዶሮ ዱቄት አለበት። ሱቅ ያለ ትእዛዝ የሚሸጡት «አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ» የሚሉ ምግቦችም ለሙከራ አይሆኑም። ተመርምረው ብዙዎቹ ውስጥ ያልተጻፈ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ ፋብሪካው በዚያው ማሽን ሌላ ምግብ ያመርታላ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ ምግብ ላይገኝ ወይም ዋጋው ላይቀመስ ይችላል። ሌላው መንገድ ቤት ማብሰል ነው። ውሻው ቀምሶት የማያውቅ አንድ ሥጋና አንድ ኃይል ሰጪ ምግብ ብቻ። ከልኳንዳ ትርፍራፊ ላደገ ውሻ የበሬ ሥጋ አይሆንም፤ ዓሣ በልቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ቆሮሶ በስኳር ድንች ይሆናል። ያለ ዘይት፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትማ ለማንኛውም ውሻ መርዝ ናቸው። ይህ ለጤነኛ አዋቂ ውሻ ለሙከራው ጊዜ ነው። ለቡችላና ለረጅም ጊዜ አይሆንም፣ የሚጎድለው ነገር አለ።

ጊዜው 8 ሳምንት ነው። የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ10 ዘጠኙ በላይ በዚህ ጊዜ ውስጥ መሻሻል ያሳያሉ፤ በ3 ሳምንት ቢቆም ብዙዎቹ ያመልጣሉ። እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። «ውሻውንም ሁዳዴ አስገባሽው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ 55 ቀን ማለት ይቻላል። እንደ ጾሙም «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለውም። ለእናቴ ያስረዳኋት በዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከእኔ በላይ ጠባቂ እሷ ሆነች። እንግዳ ለዳማ ዳቦ ሲያነሳ «እሱ ጾም ነው» ትላለች። አንድ ቀን ግን ለብቻዋ ስታወራው ሰማኋት፦ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ፋሲካ ይመጣል።»

የሚያፈስሰው ቀዳዳ ሁልጊዜ ሳህኑ አይደለም። የልብ ትል መከላከያው በየወሩ የሚሰጠው የበሬ ጣዕም ያለው ማኘኪያ ነበር፤ ጣዕም በሌለው ተተካ። የቁንጫውም ቆዳ ላይ በሚፈስ ተቀየረ። የጥርስ ሳሙናው የዶሮ ጣዕም ነበረው። ክኒን የሚጠቀለልበት ለስላሳ ነገር፣ የሚታኘክ የቆዳ አጥንት፣ የልጄ ወንበር ሥር የሚወድቀው ፍርፋሪ፣ ሁሉም ቆመ። ልጄ በሚበላበት ሰዓት ዳማ ሌላ ክፍል ይዘጋበት ነበር። ሽልማት ሲያስፈልግ ከራሱ ምግብ ፍሬ ቆጥረን እንሰጠዋለን። ለውጡንም በአንድ ቀን አላደረግነውም፣ ሆዱ እንዳይበጠበጥ በሳምንት ውስጥ እየቀላቀልን ነው። ስምንቱ ሳምንት የሚቆጠረው የድሮው ምግብ ሙሉ በሙሉ ካቆመበት ቀን ነው።

አሁን ወደ ማሳከክ መድኃኒቱ። ነጥቡ 6 የሆነ ውሻ ለሁለት ወር ያለ ምንም እርዳታ ይቆይ ማለት ጭካኔ ነው፣ ደግሞም ራሱን አቁስሎ ኢንፌክሽኑን ይመልሰዋል። ስለዚህ መድኃኒት ተሰጠው። ጥያቄው የቱ የሚለው ነበር። ሐኪሟ የመረጠችው ኦክላሲቲኒብ የተባለውን ክኒን ነው፣ አፖኬል በሚል ስም የምታውቁት። ቶሎ ይሠራል፣ ሲቆምም ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰጠነው፣ በሙከራው አጋማሽ አቆምነው። ካቆመ በኋላ የሚታየው ነጥብ የምግቡ ነጥብ ነው።

ሳይቶፖይንት የሚባለውን መርፌ ያኔ አልወጋችውም። መርፌው ጥሩ ነው፤ የማሳከክ ምልክት ወደ ነርቭ የሚወስደውን ኢንተርሉኪን 31 የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ሥራውን ያግዳል። ነገር ግን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይሠራል፣ አንዴ ከተወጋ አይወጣም። በሙከራው መሃል ተወግቶ ውሻው ቢሻለው መርፌው ይሁን ምግቡ ማንም አያውቅም። ፕሬድኒሶን የሚባለው ስቴሮይድም ለአጭር ጊዜ ይሰጣል፣ አንዳንድ ሐኪሞች ይመርጡታል። የእኔ ዳማ ግን በፕሬድኒሶን ጊዜ ረሃቡ አይጣል ነው። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ አጥንት የሚፈልግ ውሻን የምግብ ሙከራ ላይ ማቆየት ማለት በር ከፍቶ ሌባ መጠበቅ ነው።

ክኒኑ ሲቆም ለጥቂት ቀን ጨነቀን። ነጥቡ ከ3 ወደ 5 ወጣ። እኔ «አበቃ፣ ምግብ አይደለም» ብዬ ነበር። ሐኪሟ ግን ከክኒን ጋር ካለው ነጥብ ጋር ሳይሆን ክኒን ሳይጀምር ከነበረው 6 ጋር አስተያዪው አለችኝ። በስምንተኛው ሳምንት 4 ሆነ። ሰገራው በቀን ሁለቴ፣ ቅርጽ ያለው። ጆሮው ደርቆ ሽታው ጠፋ። ከፊል መሻሻል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ውሻው ተሻለው፣ ምን አስቸገረኝ ይላል። ግን መሻሻሉ ከወቅቱ ይሁን፣ ከሻምፑው ይሁን፣ ከምግቡ አይታወቅም። የምግብ አለርጂ የሚረጋገጠው የድሮው ምግብ ሲመለስ ማሳከኩ ሲመለስ ነው። ለዚህ እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። ዳማ ሳምንት አልሞላውም፤ ጆሮውን ማራገፍ ጀመረ፣ ነጥቡ 7 ደረሰ፣ ሰገራው ላላ። ወዲያው ወደ ሙከራው ምግብ መለስነው፣ ቀስ እያለ ወረደ። ያኔ ነው «የምግብ አለርጂ አለበት» የተባለው።

የትኛው ምግብ የሚለው ደግሞ ለብቻው ነው። በሙከራው ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ እየተጨመረ፣ እያንዳንዱ እስከ ሁለት ሳምንት፣ በመሃል እረፍት እየተሰጠ። ውሻን አብዝተው ከሚያስቸግሩት ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ዶሮና ስንዴ ይገኙበታል። የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ሰጠነው፣ ምንም አልሆነም። ስንዴም አለፈ። የተቀቀለ ዶሮ ስንሰጠው በሁለተኛው ቀን ማታ ብብቱ ቀልቶ አደረ። እህል ነው ጠላቱ እየተባለ ከሚወራው ይልቅ ውሻን የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ የሥጋ ፕሮቲን መሆኑን ያኔ በዓይኔ አየሁ።

ዶሮ ቆመ። ክረምቱን በ3ና በ4 መሃል ቆየ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን፣ ሳህኑ ውስጥ ምንም ሳይቀየር፣ ወደ 7 ወጣ። እዚህ አገር ራግዊድ የሚባለው አረም ብናኙን ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ውርጭ እስኪመታው ድረስ ይበትናል። ማለትም ዳማ ሁለቱም አለበት። ይህ የተለመደ ነው፤ ከፊል መሻሻል የሙከራው ውድቀት ሳይሆን «ሌላም ነገር አለ» የሚል መልስ ነው።

የአካባቢ አለርጂን «አለ» ወይም «የለም» የሚል የደምም የቆዳም ምርመራ የለም። ለመለየት የሚያበቃው የተነጋገርንበት መንገድ ነው፤ ተባይ ወጣ፣ ኢንፌክሽን ታከመ፣ ምግብ ተለየ፣ የቀረው ማሳከክ ደግሞ ታሪኩ ይገጥማል። ከሦስት ዓመት በታች ጀመረ፣ የፊት እግርና ጆሮ ይይዛል፣ ወገቡን ይተዋል፣ በፕሬድኒሶን ይቀንሳል። ታዲያ የቆዳ ምርመራው ለምንድን ነው? ኢሚውኖቴራፒ ለሚባለው፣ ሰውነትን ከሚያስቆጣው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ለሚያላምደው ሕክምና የሚጨመረውን ለመምረጥ ነው። ሕክምናውን የማይፈልግ ሰው ምርመራውን ባያደርግ ምንም አይቀርበትም። እኛ ፈልገን ነበር፤ ዳማ ወጣት ነው፣ ዕድሜ ልኩን በክኒን ብቻ እንዲኖር አልፈለግንም።

ቀኑ እንዲህ ነበር። ማደንዘዣ ቀለል ያለ ተሰጠው፣ የደረቱ አንድ ጎን ተላጨ፣ በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ ተደረገበት። በየነጥቡ አጠገብ ከሣር፣ ከዛፍ፣ ከአረም፣ ከሻጋታና ከአቧራ ተባይ የተዘጋጀ ጥቂት ፈሳሽ ቆዳው ውስጥ ተወጋ። አንዱ ነጥብ ተራ የጨው ውሃ ነው፣ ማበጥ የለበትም። ሌላው ሂስታሚን ነው፣ የግድ ማበጥ አለበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ያበጠው ከእነዚህ ሁለቱ ጋር እየተነጻጸረ ተነበበ። ሂስታሚኑ ካላበጠ መድኃኒት ሸፍኖታል ማለት ነው፣ ምርመራው ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው እንደ ፕሬድኒሶን ያለ ክኒን ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ፀረ ሂስታሚን ከሳምንት በፊት የሚቆመው። ኦክላሲቲኒብና የሳይቶፖይንት መርፌ ግን አያውኩትም፤ ስለዚህ ዳማ ሳይሰቃይ ቀኑን ጠበቀ።

ራግዊድ፣ ሁለት ዓይነት ሣርና የቤት አቧራ ተባይ አበጡ። አቧራ ተባዩ ክረምት ሙሉ ለምን ዜሮ እንዳልገባ አስረዳን። ከእነዚህ ተቀምሞ የተሠራው ፈሳሽ ከቆዳ ሥር በትንሽ መጠን ተጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከምላስ ሥር የሚንጠባጠብም አለ። ይሠራል አይሠራም ለማለት እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ አለበት። ከውሾች ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ጥሩ መሻሻል ያሳያሉ እንጂ ሁሉም አይደሉም። የምግብ ሙከራውን ያህል ጥርት ያለ መልስ የለውም፤ ነሐሴን ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጋር ማስተያየት ነው። የዳማ 7 በቀጣዩ ዓመት 5 ሆነ።

የሳይቶፖይንት መርፌ ቦታውን ያገኘው አሁን ነው። ጥያቄዎቹ ስለተመለሱ የሚሸፍነው ነገር የለም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይወጋል፣ ከእግር ጉዞ ሲመለስ እግሩን በእርጥብ ጨርቅ እንጠርገዋለን፣ አልጋው በሙቅ ውሃ በየሳምንቱ ይታጠባል። ኦክላሲቲኒብን ለረጅም ጊዜ የምትሰጡ ከሆነ ዓመት ላልሞላው ውሻ አይሰጥም፣ ካንሰር ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ላለበትም አይሆንም፣ ደሙም በየጊዜው ይታያል። የሰው ፀረ ሂስታሚን ለውሻ ማሳከክ ደካማ ነው። የሰው ቅባት ደግሞ ይልሰዋል።

አሁን ድንገት ነጥቡ ሲወጣ መድኃኒት ከመቀየሬ በፊት የማየው ሦስት ነገር ነው። ዶሮ አግኝቷል ወይ? ሰገራው አብሮ ይናገራል። የቁንጫ መድኃኒቱ ቀኑ አልፏል ወይ? ጆሮውና የጣቶቹ መሃል ይሸታል፣ ቅባታም ሆኗል ወይ? ባለፈው መከር ስድስት ሳምንት ያቆየው የነበረው መርፌ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለቀ መሰለን። መርፌው እምቢ አለ ብለን ነበር፤ በፕላስተሩ ላይ የታየው ግን ያ የድሮው ፈንገስ ነበር። መርፌው የአለርጂውን ማሳከክ ይይዛል እንጂ ፈንገስ አይገድልም። ሻምፑው ተመለሰ፣ መርፌው በቀጠሮው ቀጠለ።